ስምና አድራሻችሁን ከሰው ፈላጊ ሳይቶች ማስወጣት፣ ከወጣ በኋላስ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

አሜሪካ ምትኖሩ ሰዎች እስቲ ሙሉ ስማችሁንና ከተማችሁን ጎግል ላይ ጻፉና እዩት። ብዙዎቻችሁ ዕድሜያችሁን፣ አሁን ያላችሁበትን ቤት፣ ከዛ በፊት የነበራችሁበትን፣ ስልካችሁን፣ ከስር ደግሞ "ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ" ብሎ የደረደራቸውን ሰዎች ታገኛላችሁ፣ ያውም በነጻ።

እኔ ነገሩ ውስጥ የገባሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምትኖረው። ከሆነ ኮሌክሽን ቢሮ በሳምንት ሦስት አራቴ እየደወሉ "ዘመድሽ እከሊት የት ነው ያለችው?" ይሏታል። ልጅቷ ዘመዷ አይደለችም፣ ከስምንት ዓመት በፊት አሌክሳንድሪያ አብረው ቤት የተከራዩ ሩምሜት ናት፣ ከተለያዩም ቆይተዋል። ግን እነዚህ ሳይቶች ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ አድራሻ ከተመዘገበ ብዙ ጊዜ ዘመድ አድርገው ነው ሚያስቀምጡት። አምስት ሆነን አንድ አፓርታማ ውስጥ ለኖርን ሰዎች ውጤቱን አስቡት፣ እህትና ወንድም ምን ያህል እንደበዛልን። ባልና ሚስት ደግሞ ላስት ኔማችን ስለማይመሳሰል አንዳንዴ "ጓደኛ ሊሆን ይችላል" ተብሎ ይጻፋል፣ ሩምሜቱ ዘመድ ባልየው ጓደኛ።

በቃ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን አጸዳነው፣ ከዛ ተመልሶ መጣ፣ ከዛ እንደገና። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጀመሪያ ሺት ክፈቱ፣ ሳይት አትክፈቱ

አብዛኛው ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ስም ፈልጎ አንድ ፕሮፋይል ያገኛል፣ እሱን ያስወጣና ጨረስኩ ይላል። የኛ ሰው ግን አንድ ፕሮፋይል የለውም። ስማችን የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፣ እዚህ ሲመጣ አንዱ ቢሮ የአባትን ላስት ኔም ያደርገዋል፣ ሌላው የአያትን፣ ሌላው ጭራሽ ያገላብጠዋል። አያታችሁ ወልደማርያም ከሆኑ ደግሞ ጉድ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፦

```
Woldemariam
Wolde Mariam
Weldemariam
W/Mariam
Mariam   (Wolde = middle name)
```

ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እሷን ስንፈልግ አራት ሆና ነው ያገኘናት። አንዷ ትክክለኛዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው። ሁለተኛዋ ላስት ኔሟ "ማርያም" ብቻ የሆነ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችና ያቺን ሩምሜት ዘመድ ያደረገች። ሦስተኛዋ በአባቷ ስም፣ መጀመሪያ ስትመጣ ባረፈችበት የሰው ቤት አድራሻ። አራተኛዋ ስሟ የተገለበጠ፣ ይሄ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላወቅንም።

ስለዚህ ሺቱ ላይ አስቀድማችሁ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚያውቅበትን ዓይነት ሁሉ ጻፉ። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ባንክ፣ የድሮ ደመወዝ ወረቀት ካለ አውጡና እዩት። ቀጥሎ የኖራችሁባቸውን አድራሻዎች፣ የነበሯችሁን ስልኮች። ከዛ ኢንኮግኒቶ ከፍታችሁ ጎግል ላይ እያንዳንዱን ስም በጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ከከተማው ጋር ፈልጉ፣ ስልኩንም ብቻውን በጥቅስ ፈልጉት፣ አንዳንዴ በስም ያላገኛችሁት በስልክ ይወጣል። ለተገኘ ፕሮፋይል ሁሉ አንድ መስመር፦ ሳይቱ፣ ሙሉ ሊንኩ፣ ስሙ *ልክ እዛ እንደተጻፈው*፣ አድራሻው ልክ እዛ እንዳለው፣ የጠየቃችሁበት ቀን፣ የጠፋበት ቀን። "ልክ እንደተጻፈው" ያልኩት በኋላ ወርቅ ነው ሚሆነው፣ እመለስበታለሁ። ስክሪንሾትም ያዙ።

ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል

ዋና ኢሜይላችሁን አትስጡ። አንዳንዶቹ ሳይቶች የጎደላቸው ነገር ቢኖር ያንን ነው፣ እናንተ በእጃችሁ አታሟሉላቸው። አዲስ ኢሜይል ክፈቱ፣ ግን አንዴ ተጠቅማችሁ ምትጥሉት አይሁን፣ ማረጋገጫ ሊንክ ይመጣበታል፣ ከሦስት ወር በኋላም ትፈልጉታላችሁ። መታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅ ካለ ፎቶውንና ቁጥሩን ሸፍናችሁ ስምና አድራሻው ብቻ እንዲታይ አድርጉ። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ግን ለማንም፣ በፍጹም። ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ የተሳሳተ ገጽ ላይ ናችሁ፣ አውጡኝ ብላችሁ ምትጠይቁበት ኦፕት አውት ገጹ ነጻ ነው። መነሻ ገጹ ላይ ስማችሁን አስገብታችሁ ያ "ሪከርድ እየፈለግን ነው… የወንጀል መዝገብ እያየን ነው…" እያለ የሚያስፈራራውን መስመር አትጠብቁ፣ መጨረሻው ካርድ አስገቡ ነው።

ከየቱ ልጀምር?

አድራሻን በነጻ ከሚያሳዩት። ሰው ጎግል አድርጎ ሚያገኛችሁ እነሱ ላይ ነው፣ ከፍለው ከሚያዩበት ሳይት ይልቅ ጉዳታቸው የቀረበ ነው።

`truepeoplesearch.com/removal` ክፈቱ። ኢሜይል ታስገባላችሁ፣ ሮቦት አይደለሁም ትላላችሁ፣ ከዛ ራሳችሁን ፈልጋችሁ ዝርዝሩን ትከፍታላችሁ፣ ገጹን እስከ ታች ወርዳችሁ ሪከርዱን አስወግድ የሚለውን ትጫናላችሁ። ኢሜይል ይመጣል፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ *መጫን አለባችሁ*። ካልተጫነ ምንም አልተደረገም ማለት ነው፣ እኛ ከመጀመሪያው ቀን ጥያቄዎች ሁለቱ የቀሩት ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ገብቶ ስላላየነው ነው። አራት ሆናችሁ ከተገኛችሁ አራት ጊዜ ነው ምትደጋግሙት። `fastpeoplesearch.com/removal` አካሄዱ ተመሳሳይ ነው።

ቀጥሎ `spokeo.com/optout`። እዚህ መጀመሪያ የፕሮፋይላችሁን ገጽ አግኝታችሁ ሊንኩን ከላይ ኮፒ ማድረግ አለባችሁ፣ ኦፕት አውት ገጹ ሚፈልገው ያንን ሊንክና ኢሜይል ነው። አሁንም ኢሜይል ላይ ማረጋገጥ አለ።

ከዛ አንድ ጥያቄ ብዙ ሳይት የሚነካበት ቦታ አለ። ኢንተሊየስ፣ ትሩዝፋይንደር፣ ኢንስታንት ቼክሜት የሚባሉት የአንድ ድርጅት ናቸው፣ `suppression.peopleconnect.us` ላይ አንዴ ገብታችሁ የሁሉንም ትጨርሳላችሁ። ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስቆማል፣ እኔም አቅማማሁ፣ ግን ቀኑን ሚፈልጉት ካላቸው ጋር ለማመሳሰል ነው፣ ያለሱ አያገኟችሁም። ትኩረት፦ እዛ ቦታ "ሰፕሬሽን" ማለትም መደበቅ እንጂ "ዲሊት" አይደለም የተባለው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የታሪኩ ግማሽ ነው።

ቢንቬሪፋይድ (`beenverified.com/app/optout/search`) በአንድ ኢሜይል አንድ ሪከርድ ብቻ ነው በፎርሙ ሚቀበለው፣ ለቀሪዎቹ ለሰፖርት ኢሜይል መጻፍ አለባችሁ። እዚህ ነው የስም መብዛታችን ሚያስቸግረው። ስትጽፉ አጭር አድርጉት፦ እነዚህ ሁሉ ሪከርዶች የኔ ናቸው፣ ስፔሊንጉ ስለተለያየ ነው፣ ሊንኮቹ እነዚህ ናቸው፣ አበቃ። ዋይትፔጅስ ደግሞ (`whitepages.com/suppression-requests`) ስልክ ደውሎ ኮድ የሚሰጥበት አሠራር ስላለው ስልኩን አጠገባችሁ አድርጉ።

አንድ ነገር፣ አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ የአሜሪካ ሪከርዳችሁን ማጥፋት ከፈለጋችሁ፣ አንዳንዶቹ ሳይቶች ከአሜሪካ ውጭ ጭራሽ አይከፈቱም። ቪፒኤን አሜሪካ ላይ አድርጉ፣ ወይም እዚህ ያለ ሰው ያድርግላችሁ።

ቤተሰብን በአንድ ቀን ጨርሱ። የናንተን ብቻ አጥፍታችሁ የባላችሁ ከቀረ፣ እሱ ገጽ ላይ ዘመድ ተብላችሁ ስማችሁ ከነአድራሻው (የሱ አድራሻ የናንተም ነው) ቁጭ ብሏል።

ጎግል ለብቻው ነው

ሳይቱ ካጠፋው በኋላም ጎግል ላይ የድሮው ጽሑፍ ለቀናት ሊታይ ይችላል። ሊንኩን ስትነኩት ባዶ ገጽ ከሆነ ሊንኩን `search.google.com/search-console/remove-outdated-content` ላይ አስገቡ፣ ጎግል መጥፋቱን አይቶ ያወጣዋል። ገጹ ገና ካለ ይሄ አይሠራም። ለሱ `myactivity.google.com/results-about-you` አለ፣ ስም፣ አድራሻና ስልክ ትመዘግባላችሁ፣ አዲስ ሲገኝ ይነግራችኋል፣ ከፍለጋ ውጤት እንዲወጣም ትጠይቃላችሁ። ግን ከጎግል ወጣ እንጂ ከሳይቱ አልወጣም፣ ሳይቱን ቀጥታ የከፈተ ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሳይቱ መጀመሪያ፣ ጎግል በኋላ።

እሷጋ አብዛኛው በአስር ቀን ውስጥ ጠፋ። ኮሌክሽኑም ደወለ ደወለና ተወ።

ከዛ በአስራ አንደኛው ሳምንት ተመለሰ

መጀመሪያ "ዋሽተውናል" ነው ያልነው። የሚዋሽም አይጠፋም ይሆናል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገርየው ሌላ ነው።

እነዚህ ሳይቶች መረጃ አይፈጥሩም፣ ይገዛሉ ይሰበስባሉ። ከካውንቲ የቤት መዝገብ፣ ከፍርድ ቤት፣ ከማርኬቲንግ ሊስት፣ ከትላልቅ ጅምላ ሻጮች በየጊዜው አዲስ ፋይል ይመጣላቸዋል። እናንተ አጥፉልኝ ስትሉ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ያንን ሪከርድ "አታሳይ" ብለው ምልክት ማድረግ ነው። በሚቀጥለው ፋይል ስማችሁ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ "ይሄ ያ አታሳዩኝ ያለው ሰው ነው ወይስ ሌላ?" ብሎ በስም፣ በዕድሜ፣ በአድራሻ ያመሳስላል። ከተመሳሰለ ተደብቆ ይቀራል። ስፔሊንጉ ከተለየ ወይ አድራሻው አዲስ ከሆነ ግን አዲስ ሰው ነው ብሎ አዲስ ገጽ ይከፍትለታል። ስሙ ሁሌ በአንድ ዓይነት ስፔሊንግ የሚጻፍ ሰው ቤት ሲቀይር ነው ሚመለሰው፣ እኛ ቤት ሳንቀይርም አንድ ጸሐፊ ፊደል በሳተ ቁጥር እንመለሳለን።

ሙሉ በሙሉ ከሰረዙትም ሌላ ችግር አለ። ማንነታችሁን ጨርሶ የረሳ ሳይት በሚቀጥለው ወር ፋይሉ ሲመጣ እንዳታስገባው የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ግራ የሚያጋባ ነው፣ እንዲረሷችሁ ትንሽ ማስታወስ አለባቸው።

ስለዚህ ተመልሶ ሲመጣ ወዲያው ኦፕት አውት አትጫኑ። መጀመሪያ ሺታችሁን አውጡና አወዳድሩት። ሊንኩ ያው የድሮው ከሆነ፣ ጥያቄው አልተፈጸመም ወይ ማረጋገጫውን አልተጫናችሁም፣ ድገሙት። ሊንኩ አዲስ፣ ስምና አድራሻው ግን የድሮው ከሆነ፣ ማመሳሰሉ ስቷል፣ ድገሙት። አድራሻው ወይ ስፔሊንጉ *ሺቱ ላይ የሌለ* ከሆነ ግን አዲስ ቀዳዳ አለ፣ እሱ ሳይደፈን ብትደግሙት ውሃ በወንፊት ነው።

እሷጋ ሦስተኛው ነበር። ከመመለሱ በፊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዊተን ቤት ቀይራለች። አዲሱ ገጽ የዊተን አድራሻ አለው፣ እሱ አልገረመንም፣ የገረመን ስሙ ነው፦ `Weldemriam`። አንድ ፊደል የጎደለው። መንጃ ፈቃዷን አየን ትክክል ነው፣ ባንኳ ትክክል ነው፣ መብራቱ ትክክል። ሁለት ቀን ካሰብን በኋላ ትዝ አላት፣ በዛው ወር ለጸጉር ሥራዋ ኤልኤልሲ ከፍታለች፣ ፎርሙን የሞላላት ሰው ተሳስቶ ነበር። የሜሪላንድን የቢዝነስ ፍለጋ ከፍተን ስናይ ያው የጎደለ ፊደል፣ ከነቤቷ አድራሻ፣ ለማንም ክፍት። ስማችን በእንግሊዝ ፊደል መከራችንን ሲያበላን ኖሮ እዚህ ጋ ብቻ ነው የጠቀመን፣ ስህተቱ ራሱ ከየት እንደፈሰሰ ተናገረ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ልክ እንደተጻፈው ያዙት ያልኩት።

ቀዳዳውን መድፈን

ኤልኤልሲ ያላችሁ፣ በተለይ ታክሲ፣ ትራክ፣ ጽዳት፣ ምግብ ምናምን ቤታችሁን አድራሻ አድርጋችሁ የከፈታችሁ፣ ዋናው ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል። በዓመት እየከፈላችሁ አድራሻውን የሚሰጥ ሬዚደንት ኤጀንት መያዝ ይቻላል፣ የቢሮ አድራሻውንም ከቤታችሁ ወደ ሌላ ቦታ መቀየር አለባችሁ። አንድ ገደብ ግን አለ፣ የድሮው ፋይል ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ገና ሳትከፍቱ ብታስቡበት ይሻላል፣ እሷ ያንን ቤት ስትለቅ ብቻ ነው በትክክል የተላቀቀችው።

ፖስታ ቤት አድራሻ ስትቀይሩ "ፐርማነንት" ያላችሁት ለውጥ፣ የድሮ አድራሻችሁ ቀድሞ እጃቸው ላይ ላለ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ይተላለፋል፣ ሊስታቸውን እንዲያስተካክሉ። "ቴምፖራሪ" ያላችሁት ግን እዛ ሊስት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ጊዜያዊ ብሎ ይሞላና በዛ ጊዜ ውስጥ ለባንኩም ለመንጃ ፈቃዱም ራሱ ያሳውቃል። ጊዜያዊው መጀመሪያ ለስድስት ወር ነው፣ ማራዘም ይቻላል፣ ከዛ ደብዳቤው ማለፉን ያቆማል፣ የዘነጋችሁት ቢሮ ካለ እዛ ጋ ትጎዳላችሁ። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ለዚህ ብለው ደብዳቤ እንዳያመልጣቸው።

ከጅምላ ሻጮቹ ደግሞ ሁለቱን ሞክሩ፣ `optout.lexisnexis.com` እና አክሲየም ሳይት ላይ ያለው ኦፕት አውት። ሌክሲስኔክሲስ ለባንክና ለፖሊስ ሚሰጠውን አያቆምም፣ ግን ከላይ ያለውን ቧንቧ ትንሽ ያጠብባል።

የማይጠፋው ምንድነው? ቤት ገዝታችሁ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ አድራሻውን ያወቀ ሰው በስቴቱ የንብረት ፍለጋ የባለቤቱን ስም ያያል፣ ይሄ የመንግሥት መዝገብ ነው፣ ኦፕት አውት የለውም። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የፕራይቬሲ ሕጎች መረጃዬን ሰርዙ የማለት መብት ይሰጣሉ፣ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃን ከሕጉ ውጭ አድርገውታል፣ ሳይቶቹ ደግሞ ያለን ሁሉ እሱ ነው ነው ሚሉት። ከቤት ውስጥ ጥቃት ወይ ከሚከታተል ሰው የሸሸ ካለ መንገዱ ሌላ ነው፣ ሜሪላንድ "ሴፍ አት ሆም" የሚባል ምትክ አድራሻ የሚሰጥ ፕሮግራም አላት፣ ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። "ዲሊት አክት" የሚባለው የ2023 ሕግ ባመጣው `privacy.ca.gov/drop` አንድ ጊዜ ስትጠይቁ ለተመዘገቡት መረጃ ሻጭ ብሮከሮች ሁሉ ይደርሳል፣ ሕጉ ከኦገስት 1 ቀን 2026 ጀምሮ በየ45 ቀኑ ሊስቱን እያዩ እንዲሰርዙ ያስገድዳቸዋል። ያ "በየ45 ቀኑ" የገባው ለምን ይመስላችኋል፣ አንዴ መሰረዝ እንደማይበቃ ሕግ አውጪዎቹም ስላወቁ ነው።

ከፍዬ ባሠራውስ?

ኮንሱመር ሪፖርትስ በ2024 ፈትኖት ነበር። በእጅ የተሠራው 70 በመቶውን ሲያስወጣ፣ ከሚከፈልባቸው የተሻሉት ሁለቱ ኢዚኦፕትአውትስና ኦፕተሪ 65 እና 68 በመቶ አካባቢ ደረሱ፣ ደካሞቹ ግን 10 በመቶም አልሞሉም። ዋጋና ውጤት አብረው አይሄዱም፣ ኢዚኦፕትአውትስ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ከተሻሉት አንዱን ያዙ፣ ግን ስትመዘገቡ የሰጣችሁትን ስም ብቻ ነው ሚፈልጉት፣ ስለዚህ ሌሎቹን ስፔሊንጎች ሁሉ መጨመር መቻላችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

እኛ በእጅ ነው ምንሠራው። በሦስት ወር አንዴ ቡና ስታፈላ እደርሳለሁ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ እንፈልጋለን፣ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሺቷ አሁን 31 መስመር አላት፣ ባለፈው ጊዜ የተጨመረው አንድ ነው፣ ያቺ የተገለበጠች አራተኛዋ፣ በሌላ ሳይት ላይ። አሁንም ከየት እንደመጣች አላወቅንም።